ሁለተኛዋን ብልቃጥ ለመውሰድ የማይመለሱ እናቶችን ምን ብዬ ላስረዳቸው?

ድራጊስቷ ከገላን

ሰላም ለቤቱ። የምሠራው ገላን ኮንዶሚኒየም አካባቢ ካለ ፋርማሲ ነው። ደንበኞቻችን አብዛኞቹ የቀን ሠራተኞች፣ ጉሊት የሚቸረችሩ እናቶች፣ በቅርብ ከገጠር የመጡ ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ ማንበብ አይችሉም፤ የሚችሉትም ሁለተኛ ሦስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጡ ናቸው። "ፀረ-ባክቴሪያ ነው፣ ጨርሱት" ማለት ሰልችቶኛል። ሁሉም "እሺ" ይላል። ሁሉም ሲሻለው ይተዋል።

በአንድ ጉዳይ ላይ እንነጋገር፣ አለዚያ ወሬው ይበተናል። የ7 ዓመት ልጅ ነው፣ 20 ኪሎ። ቶንሲሉ አብጦ ነጭ መግል ይዟል፣ ትኩሳት አለው፣ አንገቱ ላይ ያለው ዕጢ ሲነካ ያመዋል፣ ሳልና ንፍጥ የለውም። ጤና ጣቢያ አይተውት አሞክሳሲሊን ሽሮፕ ጻፉለት፣ 5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 250 ሚሊ ግራም ያለውን። ጠዋት 10 ሚሊ ሊትር፣ ማታ 10 ሚሊ ሊትር፣ ለ10 ቀን። በቀን 20፣ በ10 ቀን 200 ማለት ነው። አንዱ ብልቃጥ የሚይዘው 100 ስለሆነ ሁለት ያስፈልጋል።

እናትየው የያዘችው ብር ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃት። "አንዱን ስጪኝ፣ ሲያልቅ መጥቼ ሌላውን እወስዳለሁ" ትለኛለች። አንዱ በ5ኛው ቀን ያልቃል። ልጁ ግን ገና በሦስተኛው ቀን ሰፈር ውስጥ ኳስ ሲያሳድድ ነው የሚውለው። ስለዚህ አትመለስም። ይሄ የአንዲት እናት ነገር ቢሆን አልጽፍም ነበር፣ ሁልጊዜ የማየው ነው።

እናንተ ምን ብላችሁ ነው የምታስረዱት? የዶክተር ቋንቋ አልፈልግም።

የፋርማሲ ተማሪ

ይሄ ቀላል ነው። ካቋረጡት ጀርሙ መድኃኒቱን ይላመዳል፣ ሌላ ጊዜ ሲታመም አይሠራለትም በያቸው። ደካሞቹ ጀርሞች ይሞታሉ፣ ጠንካሮቹ ይተርፋሉ፣ የተረፉት ይራባሉ፣ አለቀ። ማንም ሰው ይገባዋል።

ድራጊስቷ ከገላን

ብዬ አይቻለሁ። ችግሩ "ይላመዳል" ሲባሉ የሚላመደው የልጃቸው ሰውነት ይመስላቸዋል። አንዷ "እንግዲያው ሳይለምድበት ላቁምለት" ብላኝ ሄዳለች። ፈርታ እኮ ነው፣ ለልጇ አስባ።

የቀድሞ ጤና መኮንን (ሰበታ)

ተማሪው ያለው ለብዙ በሽታ ያስኬዳል። ለዚህ ልጅ ግን ዋናው ምክንያት እሱ አይደለም፣ ለዚህም ነው ቋንቋው የማይያዝላችሁ።

እንዲህ ያለውን መግል የያዘ ቶንሲል የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ጀርም ነው። ይሄ ጀርም ፔኒሲሊን ሥራ ላይ ከዋለ ከ80 ዓመት በላይ ቢሆነውም እስከ ዛሬ ፔኒሲሊንን አልተላመደም። አሞክሳሲሊንም የዚያው ዘር ነው። ታዲያ ልጁ በሦስተኛው ቀን እየተጫወተ ለምን 10 ቀን? የልብ ነገር ሆኖ ነው።

ልጁ የሚሻለው ጀርሙ ስለቀነሰ ነው እንጂ ስላለቀ አይደለም። የተረፈው ጉሮሮው ውስጥ አለ፣ አያምም፣ አይታይም። ሰውነት ደግሞ ጀርሙን የሚወጋበት ኃይል ያሰማራል። የዚህ ጀርም ገላ ልባችን ውስጥ ደም ከሚያሳልፉት በሮች ጋር የሚመሳሰል ነገር አለው። አንዳንድ ልጅ ላይ ሰውነቱ ይሳሳትና ጀርሙን የተኮሰ መስሎት የራሱን የልብ በር ይመታል። በሩ ይጠባል ወይም አልገጥም ይላል፣ ደም ወደ ኋላ ይመለሳል።

ይሄ የሚነሳው ጉሮሮው ከታመመ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው። ለዚህ ነው እናት ከቶንሲሉ ጋር የማታያይዘው። ልጁ መጀመሪያ ጉልበቴን ይላል። ጉልበቱ ያብጣል፣ ይግላል፣ ከዚያ ይሻለውና ክርኑ ወይም ቁርጭምጭሚቱ ይነሳበታል። ቤት ውስጥ "ብርድ መቶት ነው" ተብሎ ይታሻል። ከዚያ ያልፋል። ልቡ ግን ተነክቶ ሊቀር ይችላል፣ በሌላ ጊዜ ቶንሲል ሲደገም ደግሞ ይብስበታል። ከዓመታት በኋላ ነው ዳገት መውጣት የሚያቅተው፣ ተኝቶ መተንፈስ የሚያስቸግረው። ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ሄዳችሁ ተራ የሚጠብቁትን ልጆች ብታዩ ብዙዎቹ ከዚህ የመጡ ናቸው። ሲወለዱ ጤነኛ የነበሩ ልጆች ናቸው፣ የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው።

ሁሉም ልጅ ላይ አይደርስም፣ እንዲያውም የሚደርስበት ጥቂቱ ነው። ግን የቱ ልጅ ላይ እንደሚደርስ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉት ናቸው ይበልጥ የሚጠቁት፣ ያንቺ ልጅ መሀሉ ላይ ነው።

የፍሬ እናት

አንብቤ ደነገጥኩ። እኔ ቤት ባለቤቴ ጥርሱን ሲታከም የተረፈው 6 ፍሬ አሞክሳሲሊን መሳቢያ ውስጥ አለ። ልጄ ጉንፋን ይዟት ታስላለች፣ አፍንጫዋ ይፈሳል፣ ጉሮሮዬንም ትላለች። ከዚያ ላይ ልስጣት እንዴ? ልቧን እንዳይነካት ብዬ ነው። 9 ዓመቷ ነው።

የቀድሞ ጤና መኮንን (ሰበታ)

አይ እህቴ፣ አትስጫት። የሚያስል፣ አፍንጫው የሚፈስ፣ ድምፁ የጎረነነ ልጅ ብዙውን ጊዜ የያዘው ቫይረስ ነው፣ አሞክሳሲሊን ቫይረስ ላይ ምንም አይሠራም። ትኩስ ነገር አጠጫት። ትኩሳቱ ካልበረደ፣ መዋጥ ካቃታት፣ ጉሮሮዋ ላይ መግል ካየሽ፣ ትንፋሿ ከፈጠነ ጤና ጣቢያ ውሰጃት።

ደግሞም 6 ፍሬ የማንም ልክ አይደለም። ከባለቤትሽ ቀንሶ ለእሷም አይበቃም። ፋርማሲ ወስደሽ እንዲያስወግዱልሽ ስጫቸው።

የፍሬ እናት

እሺ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ናቲ_ጀሞ

ይቅርታ ግን አሁን እኮ ሐኪሞቹ ራሳቸው "መጨረስ አያስፈልግም" እያሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ የታወቀ የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። መድኃኒት በረዘመ ቁጥር ነው ጀርም የሚላመደው የሚል ነው። እናንተ ሰውን በከንቱ ብር ታስወጣላችሁ።

የቀድሞ ጤና መኮንን (ሰበታ)

ናቲ፣ ጽሑፉ አለ፣ የሚለውም መናቅ የለበትም። "ካቋረጥክ ጀርሙ ይላመዳል" የሚለው አባባል ለብዙ በሽታ በቂ ማስረጃ የለውም ነው ክርክራቸው። መድኃኒት በረዘመ ቁጥር አንጀታችን ውስጥ የሚኖሩት ሌሎቹ ጀርሞች የመላመድ ዕድል ያገኛሉ፣ ይሄ እውነት ነው። ለዚህም ነው የብዙ በሽታ ቀን እያጠረ የመጣው። እኛ ጋ እንኳ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለሕፃናት የሳንባ ምች አሞክሳሲሊን የሚሰጡት ለ5 ቀን ነው።

ግን ከዚህ ተነስቶ "ሲሻልህ ተወው" ማለት ሌላ ነገር ነው። ቀኑን የሚወስነው በሽታው ነው። ለሳንባ ምች 5 የተባለው ተጠንቶ ነው፣ ለዚህ ቶንሲል 10 የተባለውም ጉሮሮን ከጀርሙ ለማጽዳት ነው። አውሮፓ ውስጥ ለዚህም ቢሆን 5 ቀን የሞከሩ አሉ፣ ስዊድኖች አጥንተውታል። ሕመሙ በ5 ቀኑም ለቋል፣ ጉሮሮን ከጀርም በማጽዳት በኩል ግን 10 ቀኑ ይሻል ነበር። እነሱ ሰፈር ደግሞ የልብ ነገሩ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። እኛ ጋ አልጠፋም። እኔ ገላን ላይ ያለ ልጅ ላይ ያንን አልሞክርም።

ናቲ_ጀሞ

ይሄንን ልዩነት አላሰብኩትም። አሁንም ግን ሐኪሙ በልማድ የጻፈውን 7 ቀን ሁሉ "የግድ ጨርሱ" ማለታችሁ አይዋጥልኝም።

የቀድሞ ጤና መኮንን (ሰበታ)

በእሱ አልጣላህም። ግን ጥያቄው ለጻፈው ሐኪም ነው የሚቀርበው። እናትየው ቤቷ ቁጭ ብላ አትወስነውም።

ቡራዩ ፋርማሲ ልጅ

እኔ ወደ መስኮቱ ልመልሳችሁ፣ ምክንያቱም እህታችን የጠየቀችው ምን ልበላቸው ነው።

ከልምድ የማውቀው፣ ሦስተኛውን ቀን አስቀድመሽ ንገሪያት። "ጨርሺ" ከሚለው በላይ የሚሠራው ይሄ ነው። "እትዬ፣ ከነገ ወዲያ ልጁ ይነሳል፣ ይበላል፣ ይጫወታል፣ የዳነ ይመስልዎታል። ያኔ አልዳነም" ትያታለሽ። ልጁ በሦስተኛው ቀን ሲጫወት ስታይ ቃልሽ ትዝ ይላታል፣ የተናገርሽው ስለደረሰ የቀረውንም ታምንሻለች። ዝም ካልሽ ግን ያ የጨዋታ ቀን ራሱ "ዳነ" ብሎ ይነግራታል፣ አንቺ ደግሞ እዚያ የለሽም።

ከዚያ ፍሙን እጨምርላታለሁ። "ማታ ከሰል ምድጃው ላይ አመድ ሲለብስ የጠፋ ይመስላል አይደል? እጅዎን ቢሰዱበት ግን ያቃጥላል። የልጁ ጉሮሮ በሦስተኛው ቀን እንደዚያ ነው፣ የቀረው መድኃኒት ውስጥ ያለውን ፍም ለማጥፋት ነው።" ሁሉም ከሰል ስለሚያነድ ማስረዳት አይፈልግም።

ልቡንም በአንድ ዓረፍተ ነገር እነግራታለሁ፣ ሳላስፈራራ። "ይሄ የጉሮሮ በሽታ በደንብ ካልጠፋ ቆይቶ ወደ ልብ የሚሄድበት ልጅ አለ።" በቃ። ብዙ ካስፈራሯት ሽሮፑን ትታ ልጁን ጠበል ትወስደዋለች፣ ወይም እንጥል ወደሚቆርጡት ትሄዳለች። ጠበሉን አልከለክልም፣ "ይውሰዱት፣ መድኃኒቱንም ይዘው ይሂዱ" ነው የምለው። እንጥል ማስቆረጡን ግን አጥብቄ እከለክላለሁ፣ ደም የፈሰሰው ልጅ አይቻለሁ።

ድራጊስቷ ከገላን

ፍሟን ወስጃታለሁ፣ አመሰግናለሁ። አወሳሰዱንስ ማንበብ ለማትችል እናት እንዴት ነው የምታሳዩት?

ቡራዩ ፋርማሲ ልጅ

ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ። ጎን ለጎን ፀሐይና ጨረቃ እስላለሁ። ከፀሐይዋ ሥር 10 ጭረት፣ ከጨረቃዋ ሥር 10 ጭረት። በሰጠች ቁጥር አንዱን ትሰርዛለች። እስክሪብቶ ከሌላት በከሰል። ጭረቱ ሳያልቅ ሥራው አላለቀም። አንዱ ብልቃጥ 10 ጊዜ ነው የሚሰጠው፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ሲያልቅ ግማሹ ጭረት ገና እንዳለ ራሷ ታያለች። ያኔ ሁለተኛው ብልቃጥ ለምን እንደሆነ ክርክር የለም።

ልኩን በቤት ማንኪያ አይሁን። የሻይ ማንኪያ ከቤት ቤት ይለያያል። ከብልቃጡ ጋር የሚመጣውን መለኪያ ክዳን አውጥቼ 10 የሚለው መስመር ላይ በማይጠፋ ቀለም አሠምርበታለሁ።

ደግሞ ሁለቱን ብልቃጥ ከሰጠሻት ሁለቱንም አትበጥብጪ! ይሄ ብዙ ሰው የሚያበላሸው ነው። ዱቄቱ ውሃ ከገባበት በኋላ ዕድሜው አጭር ነው፣ ብዙዎቹ ላይ 7 ቀን ይላል፣ የያዝሽውን ብልቃጥ አንብቢው። ሁለቱንም ዛሬ ከበጠበጥሽ ሁለተኛው ሳያልቅ ይበላሻል፣ ፍሪጅ የሌለው ቤት ነው። የመጀመሪያውን እዚያው በጥብጠሽ ስጫት፣ ሁለተኛውን ከነዱቄቱ በደረቅ ቦታ ታስቀምጠው፣ በ5ኛው ቀን ማታ ይዛው ትምጣና በጥብጪላት። ቤቷ ትበጥብጠው ካልሽ ግን ሲሠራ አሳያት፦ መጀመሪያ ዱቄቱን መነቅነቅ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ግማሽ ድረስ፣ መነቅነቅ፣ አረፋው እስኪወርድ መጠበቅ፣ ከዚያ እስከ መስመሩ መሙላት። አረፋውን ውሃ ነው ብላ ካቆመች ይጎድላል፣ መድኃኒቱም ይወፍራል።

የቀድሞ ጤና መኮንን (ሰበታ)

አንድ ነገር ልጨምር። 250ው ከመደርደሪያ ሲያልቅ 125ቱን የሚሰጡ አሉ። ስሙ ያው፣ ብልቃጡ ያው። እናትየው "ያንኑ 10" ብላ ከሰጠችው ልጁ ግማሽ መድኃኒት ነው የሚያገኘው፣ 10 ቀን ሙሉ ብታጠጣውም። በ125ቱ ከሆነ በአንድ ጊዜ 20፣ በጠቅላላው 4 ብልቃጥ ይሆናል። ያ ደግሞ ለአንድ የ7 ዓመት ልጅ ብዙ ነው፣ ይተፋዋል። በውሃ የሚሟሟው 250 ኪኒን ካለሽ ጥሩ መተኪያ ነው፣ ሁለት ጠዋት ሁለት ማታ። መበጥበጥ የለው፣ ቶሎ አይበላሽም። ግን ከመለወጥሽ በፊት የጻፈውን ሰው አናግሪው።

የማርያም_ኮዬ

እኔ የማቆመው ረስቼ አይደለም። ልጄ ሽሮፑን ሲጀምር ሆዱ ይላላል። ተቅማጥ እያየሁ እንዴት ልቀጥል? ፋርማሲ ስጠይቅ "ጨርሺ" ብቻ ነው የሚሉኝ፣ ቀና ብለው እንኳ አያዩኝም።

ቡራዩ ፋርማሲ ልጅ

እህቴ፣ የእውነት ጥያቄ ነው፣ እንዲያ መመለሳቸውም ልክ አይደለም። ትንሽ መላላት በዚህ መድኃኒት የተለመደ ነው፣ ከምግብ በኋላ ስጪው፣ ፈሳሽ አብዢለት፣ ኦአርኤስም ስጪው፣ ቀጥይ። ደም ካየሽበት ወይም ልጁ ከደከመ፣ ከንፈሩ ከደረቀ አምጪው። ሰውነቱ ላይ እንደ ሳማ ሽፍ ካለበት፣ ፊቱ ወይም ከንፈሩ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረው ግን ያኔ "ጨርሺ" የሚባል ነገር የለም፣ አቁመሽ ሩጪ። ይሄንን ሳንናገር "ጨርሱ" ማለታችን ነው ሰውን እምነት ያሳጣው።

ድራጊስቷ ከገላን

ብሩስ? እንዳላችሁት ሁሉን ብነግራት፣ ለሁለተኛው ከሌላት የለም።

የቀድሞ ጤና መኮንን (ሰበታ)

መጀመሪያ የጤና መድን ካርድ እንዳላት ጠይቂያት፣ ካላት መድኃኒቱን ከጤና ጣቢያው ራሱ ታገኛለች። ከሌላት ከነማ ፋርማሲ ዋጋው ይቀንሳል፣ የት እንዳለ አሳያት።

ሌላው መንገድ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የምትባለው መርፌ ናት። ጡንቻ ላይ አንድ ጊዜ ተወግታ አለቀ። 20 ኪሎ ላለው ልጅ 600 ሺህ ዩኒት ይበቃዋል፣ ከ27 ኪሎ ጀምሮ ነው 1.2 ሚሊዮን የሚሆነው። እናትየው አትመለስም ብለሽ ካሰብሽ፣ ሽሮፑን ከመስጠትሽ በፊት ለጻፈው ባለሙያ ደውለሽ ይሄንን ጠይቂ። እኔ በሥራ ዘመኔ ሩቅ ለሚሄድ ሰው የምመርጠው እሷን ነበር።

ቡራዩ ፋርማሲ ልጅ

ጋሼ፣ አሁን ጊዜው ተለውጧል። ብዙ ጤና ጣቢያ መርፌዋን መውጋት ይፈራል። ልጅ ይወድቅብናል ብለው ነው። ቆዳ ላይ ሞክረው፣ ሰነድ አስፈርመው እንኳ "ሆስፒታል ሂጂ" ይሏታል። ሆስፒታል ደግሞ ታክሲ አለው፣ ሰልፍ አለው፣ የቀን ገቢዋ አለ። እኔ ሽሮፑ ይሻላል ባይ ነኝ።

የቀድሞ ጤና መኮንን (ሰበታ)

ፍርሃቱን አውቀዋለሁ። ከባድ አለርጂ በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው፣ አድሬናሊን አጠገብ ይዞ፣ ከወጉ በኋላ ግማሽ ሰዓት አስቀምጦ ማየት ነው መፍትሔው። ግማሽ ኮርስ ሽሮፕ ጠጥቶ የቀረ ልጅ ግን ማንንም አያስፈራም፣ ስለማይታይ። እዚህ ላይ ካንተ ጋር አንስማማም።

የፋርማሲ ተማሪ

ጋሼ፣ ጥያቄ። እናትየው አንድ ማታ ረስታ ብታድርስ? እንደገና ከአንድ ትጀምር?

የቀድሞ ጤና መኮንን (ሰበታ)

አትጀምርም። ስታስታውስ ትስጠው፣ ቀጣዩ ሰዓት ከደረሰ ያለፈውን ትተው። ሁለቱን በአንዴ አትስጥ። ጭረቱ እስኪያልቅ ትቀጥል፣ በቃ።

ድራጊስቷ ከገላን

ጥሩ፣ ከዚህ ሁሉ ለመስኮቱ ያስቀረሁት ይሄ ነው፣ አርሙኝ፦

"እናቴ፣ ይሄ ሽሮፕ ጠዋትና ማታ ነው፣ እዚህ መስመር ድረስ። ከነገ ወዲያ ልጁ ይነሳል፣ ይጫወታል። አመድ የለበሰ ፍም ነው፣ ውስጡ አልጠፋም። ይሄ በሽታ በደንብ ካልጠፋ ቆይቶ ልብ የሚይዝበት ልጅ አለ፣ ስለዚህ ጭረቱ እስኪያልቅ ይስጡት። ይሄኛው ብልቃጥ ሲያልቅ ግማሽ ነው፣ ሁለተኛው አለ። ሽፍ ካለበት ወይም ካበጠ አቁመው ወዲያው ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። አሁን ቤት ሲደርሱ ለአባቱ ምን ብለው ይነግሩታል? እስቲ ለእኔ ይንገሩኝ።"

የመጨረሻዋን የጨመርኩት "ገባዎት?" ስላቸው ሁሉም "አዎ" ስለሚሉኝ ነው። ስትነግረኝ ነው የጎደለውን የማገኘው። በአፋን ኦሮሞም አዘጋጅቼዋለሁ፣ ግማሹ ደንበኛችን በሱ ነው የሚግባባው።

ቡራዩ ፋርማሲ ልጅ

አሪፍ ነው፣ አይረዝምም። ሰልፍ ሲኖር ግን የፍሟን ትተሽ ጭረቱንና ሦስተኛውን ቀን አትተይ።

ለብሩ ደግሞ እኛ የምናደርገውን ልንገርሽ። ሁለተኛውን ብልቃጥ ስሟን ለጥፈንበት ለብቻው እናስቀምጣለን፣ ስልኳን እንመዘግባለን፣ በአምስተኛው ቀን ጠዋት እንደውላለን። "የልጅሽ ብልቃጥ እየጠበቀሽ ነው" ሲባሉ ብዙዎቹ ማታ ከሥራ ሲመለሱ ይመጣሉ። ስልክ የሌላትን ግን እስካሁን መላ አላገኘንላትም።

የማርያም_ኮዬ

ስልክ ለሌላት የጎረቤት ስልክ ጠይቁ። እኛ ግቢ አንዷ ስልክ ላይ ነው ሁላችንም የምንፈለገው።